የቁጥጥር ቻርቱ የማን ነው? «ቁጥጥር ከኋላ፣ ማረጋገጫ ከፊት» ለሚለው የፈተና አቋራጭ የተሰጠ ምላሽ

«የጥራት ቁጥጥር ምርትን ያያል፤ የጥራት ማረጋገጫ ሂደትን ያያል። ቁጥጥር ከሥራው በኋላ ይመጣል፤ ማረጋገጫ ከሥራው በፊት። ፍተሻ በበዛ ቁጥር ጥራት ይጨምራል፤ መቶ በመቶ መፈተሽ ደግሞ የቁጥጥር ጫፍ ነው። ሁለቱን ደምሩ፤ ድምሩ አጠቃላይ የጥራት አመራር ነው። ይህችን ከያዛችሁ ከጥራት ምዕራፍ የሚመጣ ጥያቄ አያስቸግራችሁም።»

ለኦፕሬሽን ማኔጅመንት ተፈታኞች ተብሎ የተዘጋጀውና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመው ጽሑፍ አንኳር ሐሳቡ ይኸው ነው። አሳጥሬው ይሆናል እንጂ አላጣመምኩትም። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ ተማሪን ለመርዳት ብለው መነሣታቸውን ግን ከአጻጻፋቸው መረዳት አያዳግትም። እኔ የዚህን ትምህርት የፈተና ወረቀት ሳርም ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን በቀይ እስክሪብቶ ከማልፋቸው መልሶች መካከል «ሂደትን ስለሚመለከት ማረጋገጫ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ አንዲት ቃል ሳይለወጥ፣ ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተከተለኝ አላስቀምጥ አለኝ። ምንጩን ስፈልግ ያገኘሁት ይህንን ጽሑፍ ነው።

አስቀድሜ የሚገባቸውን ልስጥ። ጥያቄው «የተጠናቀቀን ምርት መርምሮ ጉድለት ያለበትን መለየት ምን ይባላል?» የሚል ከሆነ የእርሳቸው ቀመር በትክክል ይመልሰዋል። «የሥራ መመሪያ ማዘጋጀትና ሠራተኛን በመመሪያው ማሠልጠን የየትኛው ተግባር ነው?» ለሚለውም እንደዚያው። ትርጉም ብቻ የሚጠይቅ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ ቀመሩን ይዞ ቢገባ አልቃወምም። ፈታኝ ግን ሁለት ሦስት ጥያቄ ትርጉም ከጠየቀ በኋላ አንድ ታሪክ ያወጣል፤ ማሽን፣ ሠራተኛና ቁጥር ያለበት። ቀመሩ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ከምርትና ከሂደት ልጀምር፤ ብዙ ነጥብ የሚፈስሰው እዚህ ላይ ነውና። ፈሳሽ ሳሙና በጠርሙስ የሚሞላ ማሽን አለ እንበል። በእያንዳንዱ ጠርሙስ 500 ሚሊ ሊትር መግባት አለበት፤ ለደንበኛው የተገባው ቃል ደግሞ ከ495 እስከ 505 ነው። ይህ የመመዘኛ ወሰን ይባላል፤ የሚናገረውም ስለ አንድ ጠርሙስ ነው። ሠራተኛዋ በየግማሽ ሰዓቱ ተከታትለው የወጡ 5 ጠርሙሶችን አንሥታ ትለካለች፤ የአምስቱን አማካይ አውጥታ ከማሽኑ ጎን በተለጠፈው የቁጥጥር ቻርት ላይ አንዲት ነጥብ ታስቀምጣለች። ማሽኑ ደኅና በነበረበት ጊዜ ከተሰበሰቡት ናሙናዎች እንደታወቀው የአማካዮቹ አማካይ 500 ነው። በየናሙናው ውስጥ በትልቁና በትንሹ ጠርሙስ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በአማካይ 4 ሚሊ ሊትር ነው። ናሙናው አምስት አምስት ሲሆን ከሠንጠረዥ የሚወሰደው ማባዣ 0.577 ስለሆነ የቁጥጥር ወሰኑ እንዲህ ይወጣል፦

500 ± 0.577 × 4 = 500 ± 2.3

ማለትም ከ497.7 እስከ 502.3። ይህኛው ወሰን ስለ አንድ ጠርሙስ ምንም አይልም፤ የሚናገረው ስለ አምስት ጠርሙሶች አማካይ ነው። ሁለቱን ወሰኖች የሚያምታታ ተማሪ ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ ያምታታል።

ረፋድ ላይ የተነሡት አምስት ጠርሙሶች ሲለኩ 501.5፣ 502.0፣ 502.5፣ 503.0 እና 504.0 ሆኑ። 505ን ያለፈ የለም። ሥራው ፍተሻ ብቻ የሆነ ሰው አምስቱንም «አልፈዋል» ብሎ ወደ ካርቶናቸው ይመልሳቸዋል፤ አጥፍቷልም አይባልም። አማካያቸው ግን 502.6 ነው፤ ከላይኛው የቁጥጥር ወሰን ወጥቷል። ሠራተኛዋ ማሽኑን ታቆማለች፤ የመሙያ ቫልቩን ስትፈታው ማሸጊያ ጎማው ተበልቶ ቫልቩ ዘግይቶ እየዘጋ እንደነበር ታያለች። ጎማውን ትቀይራለች፤ እንደገና አምስት ትለካለች፤ ነጥቡ ወደ ወሰኑ ውስጥ ይመለሳል።

እንግዲህ ይህ ሥራ ምን ይባላል? ውድቅ የሆነ ጠርሙስ የለም። የታየውም፣ የተስተካከለውም ሂደቱ ነው። በጽሑፉ ቀመር መሠረት «ማረጋገጫ» ተብሎ ሊጻፍ ነው፤ ተማሪዎቼም የጻፉት ይህንኑ ነው። ትክክለኛው መልስ ግን የጥራት ቁጥጥር ነው። ከሥራው ላይ መረጃ ተወስዶ፣ ከሚጠበቀው ጋር ተነጻጽሮ፣ ልዩነት ሲገኝ እዚያው እርምጃ ተወስዷል፤ ቁጥጥር ማለት ይህ ዙር ነው። የቁጥጥር ቻርትን ለመጀመሪያ ጊዜ በግንቦት 1924 (እ.ኤ.አ.) በአጭር ማስታወሻ ለአለቃው ያቀረበው አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዋልተር ሹሃርት ነው። ያን ጊዜ የነበረው ልማድ ምርቱ ካለቀ በኋላ ደጉን ከክፉው መለየት ነበር፤ ቻርቱ ያመጣው አዲስ ነገር ዓይንን ከተመረተው ዕቃ አንሥቶ ወደ አመራረቱ ማዞር ነው። ስለዚህ የቁጥጥር ዋነኛ መሣሪያ የሆነው ነገር ከተወለደ ጀምሮ የሚያየው ሂደትን ነው። «ቁጥጥር ምርትን ብቻ ያያል» የሚለው አባባል ቁጥጥርን ከፍተሻ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ፍተሻ ግን የቁጥጥር አንዱ ክንድ ብቻ ነው።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ወደ አምስቱ ጠርሙሶች ልመለስ። በየናሙናው ያለው ልዩነት በአማካይ 4 ከሆነ፣ የማሽኑ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይህ ቁጥር ከሠንጠረዥ ለሚወሰደው 2.326 ሲካፈል የሚገኘው፣ 1.72 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የማሽኑ እውነተኛ አማካይ በርግጥ ወደ 502.6 ተንሸራትቶ ከሆነ፣ ከ100 ጠርሙሶች 8 ያህሉ ከ505 ይዘልላሉ። እንዲህ ሆኖ እያለ የተነሡት አምስት ጠርሙሶች ሁሉም በመመዘኛው ውስጥ የመገኘት ዕድላቸው 65 በመቶ ነው። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ፈታሹ «ደኅና ነው» እያለ ሳሙናው ይፈስሳል ማለት ነው። በዚያው ናሙና ላይ ቻርቱ ድምፁን አሰማ። ሁለቱም ቁጥጥር ናቸው፤ አንደኛው ግን ከሌላኛው ቀድሞ ያያል።

ወደ «በፊት» እና «በኋላ» ልለፍ። እዚህ ላይ የጊዜ ቅደም ተከተል እውነትነት ያለው ይመስላል፤ ምሳሌ ሲቆጠር ግን አይቆምም። ባዶዎቹ ጠርሙሶች ከአቅራቢው ሲመጡ፣ ገና አንዲት ጠብታ ሳሙና ሳይገባባቸው፣ ናሙና ተወስዶ የአንገታቸው ስፋት ይለካል። ከሥራው በፊት ነው፤ ቁጥጥር ነው። በተቃራኒው ደግሞ ወሩ ካለቀ በኋላ የውስጥ ኦዲተሮች መጥተው ያለፈውን ወር መዝገብ ያገላብጣሉ። ከሥራው በኋላ ነው፤ ማረጋገጫ ነው። ጊዜው ተገልብጦ ስሙ ከጸና መለያው ጊዜ አይደለም።

መለያው ምንድን ነው ታዲያ? የጥራት አመራር ቃላትን የሚተረጉመው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ፣ አይኤስኦ 9000፣ ሁለቱንም የጥራት አመራር ክፍሎች አድርጎ ይተረጉማቸዋል። ቁጥጥር የጥራት መስፈርቶችን በማሟላት ላይ ያተኩራል። ማረጋገጫ ደግሞ መስፈርቶቹ እንደሚሟሉ እምነት በመስጠት ላይ ያተኩራል። ሙሉው ልዩነት ያለው «እምነት» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ተፈታኙ ታሪኩን ሲያነብ ሊጠይቅ የሚገባው «መቼ ተደረገ?» ወይም «ዕቃ ነው ወይስ ሂደት?» ብሎ አይደለም። ድርጊቱ የቆመው ይህንን ምርት ወይም ይህንን የምርት ዙር መስፈርቱ ላይ ለማቆየት ነው ወይስ አሠራሩ ሊታመን እንደሚችል ለአመራሩና ለደንበኛው ለማሳየት? ጥያቄው ይህ ነው።

በነገራችን ላይ የአማርኛው ስያሜ ራሱ ተማሪን ያስታል፤ በዚህ ረገድ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። «ቁጥጥር» ስንል ጆሯችን ቆሞ የሚጠብቅ፣ የሚያስፈራራ ተቆጣጣሪ ይሰማዋል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ግን ቃሉ የውኃ ማሞቂያን ሙቀት እየለካ እሳቱን ከፍና ዝቅ እንደሚያደርገው መሣሪያ ያለ ሥራን ነው የሚያመለክተው። «ማረጋገጥ» ደግሞ በዕለት ንግግራችን «ትክክል መሆኑን አይቶ ማጣራት» ማለት ስለሆነ፣ ገና ትምህርቱን የጀመረ ሰው «የጥራት ማረጋገጫ» ሲባል ጠርሙስ አንሥቶ የሚለካ ሰው ቢታየው አይፈረድበትም። «ዋስትና» ቢባል ኖሮ ወደ ነገሩ ይቀርብ ነበር። ዋስ የሚሆን ሰው ዕዳው የእርሱ አይደለም፤ እንደሚከፈል ግን እምነት ይሰጣል።

ይህንን ልዩነት በዓይኔ ያየሁት በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ለጉብኝት ሄጄ በማሽኑ ጎን የተንጠለጠለውን የመለኪያ መዝገብ አነበብኩ። በየግማሽ ሰዓቱ የተሞላ ነው፤ አንድም ባዶ ሣጥን የለም። ቁጥሮቹ ግን 500፣ 500፣ 501፣ 500፣ 499፣ 500 እያሉ ይወርዳሉ፤ የሙሉ ፈረቃው ጽሑፍ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ዘንበል፣ አንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ እንደተጻፈ ደብዳቤ ነው። የሚያስገርመው የቁጥሮቹ ጥራት ነው፤ ያ ማሽን እንዲህ ሊሞላ አይችልም። በ4 ሚሊ ሊትር የሚወዛወዝ ማሽን ለስምንት ሰዓት ከአንድ ሚሊ ሊትር ሳያልፍ ቢቆይ ተአምር ነው፤ አለዚያም መዝገቡ ፈጠራ ነው። በቻርት ላይ ሲሳል ነጥቦቹ ሁሉ መካከለኛውን መስመር አቅፈው ይተኛሉ፤ ከወሰን የወጣ አንድም የለም። ላይ ላዩን ለሚያየው ቁጥጥሩ እንከን የለሽ ነው።

ቁጥጥሩ ይህንን ሊይዝ አይችልም፤ ምክንያቱም የታመመው ራሱ ቁጥጥሩ ነው። የሚይዘው ማረጋገጫ ነው፤ «ናሙናው በርግጥ በየግማሽ ሰዓቱ ይወሰዳል ወይ? ሚዛኑ መቼ ተስተካከለ? መዝጋቢዋ ማሽኑን የማቆም ሥልጣን በጽሑፍ ተሰጥቷታል ወይስ ስታቆም ትቀጣለች?» ብሎ የሚጠይቀው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የነገሩን ሥር ታወጣለች። ማሽን ያቆመ ሰው የሚወቀስበት ቦታ መዝገቡ ሁልጊዜ 500 ነው። ይህ ድርጊት ሂደትን አላየም ማለቴ አይደለም፤ አይቷል። ልዩነቱ ግን የቻርቱ ሥራ «ማሽኑ ደኅና ነው?» ሲሆን የኦዲቱ ሥራ «ቻርቱ ይታመናል?» መሆኑ ነው። ተማሪ በፈተና ታሪክ ውስጥ «ኦዲት»፣ «የመለኪያ መሣሪያ ማስተካከያ መርሐ ግብር»፣ «የአቅራቢ ምዘና» የሚሉ ቃላት ሲያገኝ ወደ ማረጋገጫ የሚሄደው ስለዚህ ነው፤ «በፊት» ስለሆኑ አይደለም።

ፍተሻን ስለማብዛት የተባለው ላይ ሰፋ ያለ ክርክር አያስፈልግም፤ አንድ ስሌት ይበቃል። 10,000 ጠርሙሶች አሉ፤ 2 በመቶዎቹ፣ ማለትም 200ዎቹ፣ ክዳናቸው በደንብ አልጠበቀም። ሁሉም አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ለምሳሌ ያህል ፈታሹ ከመጥፎዎቹ 90 በመቶውን ይይዛል፣ ከደጎቹ ደግሞ 1 በመቶውን በስህተት ይጥላል እንበል፤ ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ሲያይ ለሚውል ሰው ይህ ለጋስ ግምት ነው። የተያዙት መጥፎዎች 180 ናቸው፤ ያመለጡት 20። በስህተት የወደቁት ደጎች ደግሞ የ9,800 አንድ መቶኛ፣ 98 ናቸው። ከተጣሉት 278 ጠርሙሶች ከሲሶው በላይ ደኅና ነበሩ፤ ከመቶ በመቶ ፍተሻ በኋላም 20 የሚያፈሱ ጠርሙሶች ወደ ደንበኛ ሄደዋል። «ሁለተኛ ፈታሽ ይጨመር» ማለት ይቻላል፤ በወረቀት ላይ 20ው ወደ 2 ይወርዳል። በተግባር ግን የፊተኛው «ከእኔ በኋላ የሚያይ አለ» ይላል፤ የኋለኛው «ከእኔ በፊት ታይቷል» ይላል፤ ስሌቱ የተመሠረተበት የሁለቱ ፈታሾች አንዱ ከሌላው ነጻ መሆንም ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ክዳን ጠባቂው ማሽን ነገም ከ10,000 ውስጥ 200 ያበላሻል። ፍተሻው የነካው ነገር የለምና።

አሜሪካዊው የጥራት ሊቅ ዊሊያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ ለአመራር ካስቀመጣቸው 14 ነጥቦች በሦስተኛው ጥራትን ለማግኘት በፍተሻ ላይ መደገፍ ይቁም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር እለቅላቸዋለሁ፤ ብዙ ተማሪዎች የዴሚንግን ነጥብ «ፍተሻ ይቅር» ብለው ይጽፉታልና። ዴሚንግ የተቃወመው መደገፍን ነው። ራሱም መቼ ሁሉንም መፈተሽ፣ መቼ ምንም አለመፈተሽ እንደሚያዋጣ የሚለይ ደንብ አስቀምጧል። አንዱን ዕቃ የመፈተሽ ወጪ፣ ጉድለቱ ሳይታወቅ ቢያልፍ ለሚመጣው ወጪ ይካፈላል። የፍተሻው ወጪ ያለፈ ጉድለት ከሚያመጣው ወጪ አንድ መቶኛ ቢሆን፣ መለያያው 1 በመቶ ነው። የጉድለቱ መጠን ከ1 በመቶ ዘወትር የሚበልጥ ከሆነ ሁሉንም መፈተሽ ያዋጣል፤ ዘወትር የሚያንስ ከሆነ አለመፈተሽ ይሻላል። ስለዚህ ጉዳቱ እጅግ ከባድ በሆነበት ዕቃ ላይ መቶ በመቶ ፍተሻ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። በጽሑፉ ላይ ያለኝ ቅሬታ ፍተሻን መጥቀሱ አይደለም፤ ፍተሻ ጥራትን «ይጨምራል» ማለቱ ነው። ፍተሻ ይለያል እንጂ አይጨምርም።

አሁን ወደ ድምሩ። ከሁሉም ይበልጥ የማልስማማው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ቀመሩ አጠቃላይ የጥራት አመራር ለምን እንዳስፈለገ ጭራሹን ይደብቃል። ያንኑ ማሽን እንመልከተው። ጎማው ተቀይሯል፤ መዝገቡ እውነተኛ ነው፤ ኦዲቱ አልፏል፤ ነጥቦቹ ለሳምንታት ከወሰን አልወጡም። ቁጥጥሩም ማረጋገጫውም ሙሉ ናቸው፤ በቀመሩ መሠረት ድምሩ ላይ ደርሰናል። ይሁን እንጂ የመመዘኛው ስፋት ከ495 እስከ 505፣ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ማሽኑ በተፈጥሮው የሚወዛወዝበት ስፋት ደግሞ የስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ስድስት እጥፍ ነው፦

10 ÷ (6 × 1.72) = 0.97

ውጤቱ ከ1 ያንሳል። ማሽኑ «በቁጥጥር ሥር» ሆኖ፣ አማካዩም ልክ 500 ላይ ቆሞ፣ ከ1000 ጠርሙሶች 4 ያህሉ ከመመዘኛው ይወጣሉ። የሚፈለግ ብልሽት የለም። ያጠፋ ሠራተኛ የለም። ማሽኑ ይኸው ነው፤ ሲገዛም እንዲህ ነበር። ዴሚንግ እንዲህ ያለውን መወዛወዝ ከሥርዓቱ የሚመነጭ የጋራ ምክንያት ይለዋል፤ የተበላው ጎማ ግን ልዩ ምክንያት ነው። ልዩ ምክንያትን ማሽኑ አጠገብ ያለው ሰው ያገኘዋል፤ የጋራ ምክንያትን የሚቀይረው ማሽን የመግዛት፣ አቅራቢ የመለወጥ፣ ንድፍ የማሻሻል ሥልጣን ያለው አካል ነው።

አጠቃላይ የጥራት አመራር የሚጀምረው እዚህ፣ ቁጥጥርና ማረጋገጫ «ሁሉም ደኅና ነው» ባሉበት ቦታ ነው። ሌላው የጥራት ሊቅ ጆሴፍ ጁራን የጥራት አመራርን በዕቅድ፣ በቁጥጥርና በማሻሻል ከፍሎ ሲያስተምር ያሳየው ይህንኑ ነው። ቁጥጥር አንድን ሥራ ባለበት ደረጃ ያቆየዋል። ከ1000 ውስጥ 4 የሚያበላሽን ማሽን በደንብ የተቆጣጠረ ድርጅት፣ 4ቱን ሲያበላሽ ይኖራል፤ ወደ ሌላ ደረጃ መሻገር የማሻሻል ሥራ ነው፤ የራሱ ፕሮጀክት፣ የራሱ ኃላፊና በጀት ያስፈልገዋል። የሳሙናው ፋብሪካ ምናልባት የጠርሙስ አቅራቢውን ጠርቶ ስለ አንገቱ ስፋት አብሮ መሥራት ይኖርበታል፤ የሳሙናው ውፍረት ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ ማጠራቀሚያውን በአንድ ሙቀት ማቆየት ይኖርበት ይሆናል። ይባስ ብሎ ደግሞ አንድ ሰው ተነሥቶ «ደንበኛው በርግጥ የሚፈልገው 500 ሚሊ ሊትር ነው? ወይስ የማያንጠባጥብ ክዳን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህች ጥያቄ በቁጥጥር ቻርት ላይ ቦታ የላትም፤ በኦዲት ዝርዝርም ውስጥ የለችም። በአጠቃላይ የጥራት አመራር መርሆች ውስጥ ግን የመጀመሪያዋ ናት። «ደንበኛ ተኮርነት»፣ «የሁሉም ተሳትፎ»፣ «ተከታታይ ማሻሻል» የሚባሉትን መርሆች በቃሉ የሚዘረዝር ተማሪ፣ እነዚህ መርሆች ከማሽኑ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ካላየ፣ ታሪክ ባለው ጥያቄ ላይ መርሆቹን ከየት እንደሚያመጣቸው አያውቅም።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ የታሪክ ወጥመድ አለ። በጃፓን ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የተጠራው «ቁጥጥር» በሚለው ስም ነው። የጃፓናዊው የጥራት ሊቅ የካኦሩ ኢሺካዋ «መላ ድርጅቱን ያቀፈ የጥራት ቁጥጥር» አመራሩን፣ ሠራተኛውንና አቅራቢውን ሁሉ የሚያካትት ነው። የጃፓን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ማኅበር «አጠቃላይ የጥራት ቁጥጥር» የሚለውን ስም በይፋ ወደ «አጠቃላይ የጥራት አመራር» የቀየረው በ1996 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ ጥያቄው የቆየውን የጃፓን ስያሜ ይዞ ሲመጣ፣ «ቁጥጥር» ስለሚል ብቻ ወደ ፍተሻ የሮጠ ተፈታኝ ነጥቡን ይጥላል። ስያሜ ከቦታ ቦታ እንደሚለዋወጥ ጽሑፉ አንድ ቃል አለመናገሩ ቅር ያሰኘኛል፤ ለመናገር የሚፈጀው ሁለት መስመር ነበር።

«አያስቸግራችሁም» የተባለላቸው ተማሪዎች እስቲ ይህንን ይሞክሩ፤ ባለፈው ፈተና ላይ ካወጣሁት ጥቂት ብቻ የቀየርኩት ነው። ከላይ ያየነው ማሽን በቁጥጥር ሥር ነው፤ ከ1000 ጠርሙሶች 4 ይወድቃሉ። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ተናድደው «ጥራት የእያንዳንዳችን ኃላፊነት ነው፤ ግባችን ዜሮ ጉድለት!» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ በማሽኑ ፊት አሰቀሉ። ይህ ቁጥጥር ነው? ማረጋገጫ? ወይስ አጠቃላይ የጥራት አመራር?

ማስታወቂያው ስለ «እያንዳንዳችን» ስለሚያወራ ብዙዎቹ ሦስተኛውን መረጡ። ከሦስቱ አንዱም አይደለም፤ ዴሚንግ በአሥረኛው ነጥቡ እንዲህ ያሉ መፈክሮች ይወገዱ ያለው ሰዎችን ሊቀይሩት በማይችሉት ሥርዓት ስለሚከሱ ነው። አንዲት ተማሪ ግን ከምርጫዎቹ ጎን በእርሳስ «ሠራተኛዋ አሁን ምን ታደርጋለች?» ብላ ጽፋ አገኘሁ፤ ከዚያ በታች ስሌት ጀምራ ሰዓት አልቆባት ነበር። ስሌቱን እኔ ጨረስኩት። ሠራተኛዋ ማስታወቂያውን አንብባ ለጥራት ትተጋለች። ጠርሙሱ 502 ሲሆን የማስተካከያውን ብሎን በ2 ወደ ታች ታዞራለች፤ ቀጣዩ 499 ሲሆን በ1 ወደ ላይ ትመልሳለች፤ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ በኋላ እንዲሁ። እንዲህ ሲደረግ የቀደመው ጠርሙስ አጋጣሚ በሚቀጥለው አጋጣሚ ላይ ይደረብና ቫሪያንሱ በእጥፍ ያድጋል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑም ከ1.72 ወደ 2.43 ይወጣል። ከ1000 ጠርሙሶች ይወድቁ የነበሩት 4 ጠርሙሶች 40 ገደማ ይሆናሉ። ለዚያች ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።